አትቀበሉኝ፦ ከውርርድ ራሳቸውን ያሳገዱ ሰዎችና የሚጠብቃቸው ዝርዝር

በ2017 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንድ የቢቢሲ ሬዲዮ ዘጋቢ በግሪምስቢ ከአንዱ የውርርድ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ ሁለት ቀን ዋለ። ግሪምስቢ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ ያለች የዓሣ ወደብ ናት። ዘጋቢው ይህን ከመጀመሩ በፊት፣ ቁማር ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው እንደሚያደርገው፣ ስሙንና ፎቶውን ሰጥቶ በዚያ አካባቢ ካሉ 21 የውርርድ ቤቶች ራሱን አሳግዷል። ጥያቄው በአጭሩ «ብመጣ አትቀበሉኝ፤ ገንዘብ ብዘረጋም መልሱልኝ» የሚል ነው። ቤቶቹም እሺ ብለዋል። ከዚያ ዘጋቢው ሁሉንም በየተራ ገባባቸው። በ19ኙ ያለ ችግር ተጫወተ። የከለከሉት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ይህን ውጤት የሰማ ሰው በመጀመሪያ ሠራተኞቹን ይወቅሳል። ነገር ግን የእንግሊዝ የውርርድ ቤት ውስጥ የገባ ሰው ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ አንድ ብቻ ነው። ቲኬት ይቆርጣል፣ ያሸነፈ ሲመጣ ይከፍላል፣ ማሽኖቹን ይጠብቃል፣ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ እንዳይገባም ይከታተላል። በዚህ ሁሉ መሀል የታገዱትን ሰዎች ፎቶ በዓይኑ ይዞ፣ በበሩ የሚገባውን ፊት ሁሉ ከዚያ ጋር ማመሳከር ይጠበቅበታል። የሰፈር ደንበኛውን ሊያስታውስ ይችላል። ከሦስት መንገድ ማዶ ራሱን ያሳገደን፣ በአካል አይቶት የማያውቀውን ሰው ግን በአንዲት ፎቶ መለየት ሌላ ነገር ነው።

ራስን ማሳገድ የሚባለው ሥርዓት ሁሉ ይህን አንድ ጥያቄ ለመመለስ የተሠራ ነው፤ ነገ ሐሳቡን እንደሚቀይር የሚያውቅ ሰው ዛሬ የሰጠውን ቃል ማን ይጠብቅለት? ሰውየው ራሱ ሊጠብቀው ቢችል ኖሮ መመዝገብ ባላስፈለገው ነበር። ስለዚህ ግዴታው ወደ አጫዋቹ ድርጅት ይተላለፋል። አጫዋቹ ደግሞ ግዴታውን የሚወጣው ሁለት ነገር ሲሟላ ብቻ ነው። አንደኛ፣ በፊቱ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ እሱ የመለሰው ሰው ሄዶ የሚገባበት ሌላ ቤት መኖር የለበትም።

ሁለት ሚሊዮን ፓውንድና አንድ የስልክ ጥሪ

ሁለተኛው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት ከግራሃም ካልቨርት የፍርድ ቤት ክርክር የተሻለ ማስረጃ የለም። ካልቨርት የሩጫ ውሾችን እያሠለጠነ የሚኖር እንግሊዛዊ ነበር። በ2006 አጋማሽ ውርርዱ ከእጁ እየወጣ መሆኑን ሲያይ፣ በስልክ ይወራረድበት ለነበረው ለዊልያም ሂል ደውሎ አካውንቱ ለስድስት ወር እንዲዘጋ ጠየቀ። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ እንደሚዘጋ ቃል ገባለት። ቃሉ ግን አልተፈጸመም። ካልቨርት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ሲደውል የከለከለው አልነበረም። እስከ ዓመቱ ማብቂያ ድረስ ከሁለት ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተበላ። ከዚህ ውስጥ 347 ሺህ ፓውንዱ የሄደው በአንድ ውርርድ ነው፤ ራይደር ካፕ በተባለው የጎልፍ ውድድር አሜሪካ ታሸንፋለች ብሎ ነበር።

ካልቨርት ድርጅቱን ከሰሰ። በመጋቢት 2008 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ የሰጡት ውሳኔ ሁለት ጎን ነበረው። በአንድ በኩል፣ ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ቁማርተኛ ጠባቂ የመሆን አጠቃላይ ግዴታ ባይኖርበትም፣ ለዚህ ሰው ግን በስልክ ቃል ስለገባ የገባውን ቃል በጥንቃቄ መፈጸም ነበረበት፤ አልፈጸመምም አሉ። በሌላ በኩል ካሳ አልፈረዱለትም። ምክንያታቸውም፣ ዊልያም ሂል በሩን ቢዘጋበት እንኳ ካልቨርት ሌሎች አወራራጆች ዘንድ ሄዶ ያንኑ ገንዘብ ያጠፋው ነበር የሚል ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ይህንኑ አጸና።

ውሳኔው ለካልቨርት መራራ ቢሆንም ትንታኔው ትክክል ነበር። በዚያን ጊዜ እገዳ የሚባለው በአንድ ሰውና በአንድ ድርጅት መካከል ያለ ስምምነት ነበር። ሰውየው በሃያ ድርጅት አካውንት ካለው ሃያ ጊዜ መደወል ነበረበት። ሃያ አንደኛው ደግሞ ማስታወቂያውን ይዞ ይጠብቀዋል።

ችግሩ በአንድ ድርጅት ግቢ ውስጥም ነበር። በነሐሴ 2017 የብሪታንያ የቁማር ኮሚሽን 888 የተባለውን የኢንተርኔት አጫዋች 7.8 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍል አደረገ። ድርጅቱ ካዚኖውንና የስፖርት ውርርዱን በአንድ ሥርዓት፣ ቢንጎውን በሌላ ሥርዓት ያንቀሳቅስ ነበር። ሁለቱ ስለማይነጋገሩ፣ ከካዚኖው ራሳቸውን ያሳገዱ ከ7,000 በላይ ደንበኞች በቢንጎው በኩል መጫወት ችለዋል። ይህ ለ13 ወራት ሳይታወቅ ቆይቶ 3.5 ሚሊዮን ፓውንድ አስገብተዋል። በዚያው ምርመራ ከወጡት ጉዳዮች አንዱ፣ ከ1.3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተወራረደ ሰው ነው። ከዚያ ውስጥ 55 ሺህ ፓውንዱ ከአሠሪው የተሰረቀ ነበር።

አንድ ጊዜ መመዝገብ

ለዚህ ሁሉ የተሰጠው መልስ ጋምስቶፕ ይባላል። በሚያዝያ 2018 ሥራ የጀመረ፣ ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሁሉም አጫዋች አልገባበትም ነበር፤ ከመጋቢት 31 ቀን 2020 ጀምሮ ግን የብሪታንያ የኢንተርኔት ቁማር ፈቃድ ያለው ድርጅት ሁሉ ከዚህ ዝርዝር ጋር መገናኘት ግዴታ ሆነበት። ቀነ ገደቡን ያላከበሩ ሁለት አነስተኛ ድርጅቶች በዚያው ሰሞን ፈቃዳቸው ታገደ። ዝርዝሩ ላይ የተመዘገበው ሰው ብዛት ዛሬ ከግማሽ ሚሊዮን አልፏል።

አሠራሩን አንድ ሰው በሚያልፍበት ቅደም ተከተል እንከተለው። ሰውየው በጋምስቶፕ ድረ ገጽ ገብቶ ስሙን፣ የትውልድ ቀኑን፣ የቤት አድራሻውን ከነፖስታ ኮዱ፣ የሚጠቀምባቸውን የኢሜይል አድራሻዎችና የስልክ ቁጥሮች ይሞላል። ማንነቱ ይጣራል፤ ምክንያቱም ማንም ሰው፣ ሚስትም ብትሆን ባሏን፣ ሌላውን በራሱ ፈቃድ ማስመዝገብ አይችልም። ከዚያ የእገዳውን ጊዜ ይመርጣል፦ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ወይም አምስት ዓመት። በ24 ሰዓት ውስጥ ተፈጻሚ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማራዘም ይችላል፣ ማሳጠር ግን አይችልም። የመረጠው ጊዜ ሳያልቅ ቢያለቅስም፣ ቢቆጣም፣ «ተሳስቼ ነው» ቢልም የሚያወጣው የለም። ሥርዓቱ ፋይዳ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ዝርዝሩ ለአጫዋቾቹ ተባዝቶ አይሰጥም። ማን ታግዷል የሚለው መረጃ በየድርጅቱ ቢበተን ለአደጋ የተጋለጠ ሰው ስም ገበያ ላይ ይወጣ ነበር። የሚሠራው በጥያቄና በመልስ ነው። አንድ ደንበኛ አካውንት ሊከፍት ወይም ሊገባ ሲል የድርጅቱ ኮምፒውተር የደንበኛውን ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፖስታ ኮድ፣ ኢሜይልና ስልክ ወደ ጋምስቶፕ ይልካል። የሚመለስለት አንድ ፊደል ነው። `Y` ከሆነ ታግዷል፣ አይግባ ማለት ነው። `N` ከሆነ በዝርዝሩ ላይ የለም። `P` ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ታግዶ የነበረ፣ ጊዜው አልቆ የወጣ ነው። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ደንበኛው የይለፍ ቃሉን ጽፎ ገጹ እስኪከፈትለት በሚጠብቅበት ቅጽበት ውስጥ ነው።

መልሱ `Y` ከሆነ ድርጅቱ አካውንቱን ይዘጋል፣ በውስጡ የቀረ ገንዘብ ካለ ይመልሳል፣ የማስታወቂያ መልእክት መላክም ያቆማል። የመጨረሻው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን በመጋቢት 2018 ስካይ ቤት አንድ ሚሊዮን ፓውንድ የተቀጣው ከሌሎች ጥፋቶች ጋር ራሳቸውን ላሳገዱ 50 ሺህ ያህል ሰዎች ማስታወቂያ ልኮ በመገኘቱ ነው። ለማቆም የሚታገል ሰው ስልክ ላይ «ነጻ ውርርድ ተዘጋጅቶልዎታል» የሚል መልእክት ሲገባ ምን እንደሚሆን ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

አንዲት ፊደል

ጥያቄና መልሱ የሚሠራው የተላከው ስምና በዝርዝሩ ላይ ያለው ስም የአንድ ሰው መሆኑ ከታወቀ ነው። ጋምስቶፕ በተጀመረ በዓመቱ አካባቢ ቢቢሲ እንደገና ሲመረምር፣ ራሱን ያሳገደ ሰው የምዝገባ መረጃውን በጥቂቱ ቀይሮ፣ ለምሳሌ የቤተሰብ ስሙን አጻጻፍ አዛብቶ፣ አዲስ አካውንት ከፍቶ መወራረድ እንደሚችል አሳየ። ኮምፒውተሩ አልዋሸም፤ የመለሰው የተጠየቀውን ነው፤ በተዛባው ስም የታገደ ሰው አልነበረም።

ብዙ ሰው ቀዳዳው የጋምስቶፕ መስሎት ነበር። እውነተኛው ቀዳዳ የነበረው ግን ከጋምስቶፕ በፊት፣ አጫዋቾቹ ደንበኛቸውን በሚቀበሉበት መንገድ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ድርጅቱ የደንበኛውን ዕድሜ ለማጣራት 72 ሰዓት ነበረው፤ እስከዚያ ሰውየው ገንዘብ አስገብቶ መጫወት ይችል ነበር። ሌላው ማንነቱ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ያሸነፈውን ሊያወጣ ሲል ነው። በግንቦት 2019 ኮሚሽኑ ደንቡን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ አንድም ውርርድ ከመቀበሉ በፊት የደንበኛውን ስም፣ አድራሻና የትውልድ ቀን ማረጋገጥ አለበት። ስሙን ያዛባ ሰው አሁን የሚወድቀው ጋምስቶፕ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው፤ በዚያ ስም በዚያ አድራሻ የሚኖር ሰው የለምና።

እዚህ ላይ በለንደን ወይም በሊድስ የሚኖር የአገራችን ሰው ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። በፓስፖርት ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይሰፍራል፣ በባንክ ደብተር ላይ ደግሞ የአባት ስም ሊሆን ይችላል። ቴዎድሮስ የሚለው አንድ ስም `Tewodros` ተብሎም `Tewedros` ተብሎም `Theodros` ተብሎም ይጻፋል፤ ባለቤቱ ራሱ በአንዱ ወረቀት ላይ በአንዱ፣ በሌላው ላይ በሌላው ይጠራበታል። የትውልድ ቀንም ከእኛ አቆጣጠር ሲመለስ በአንዱ ሰነድ ላይ በቀናት፣ በሌላው ላይ በዓመት የተለያየ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ማንንም ሊያታልል ሳያስብ በቅንነት ራሱን ቢያሳግድ፣ በሌላኛው አጻጻፍ የተከፈተው የቆየ አካውንቱ ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሲመዘገብ መታወቂያው ላይ ያለውን አጻጻፍ መያዝ፣ ቀድሞ ይጠራባቸው የነበሩ ስሞችንና ይኖርባቸው የነበሩ አድራሻዎችን ማስመዝገብ፣ አካውንት የከፈተባቸውን ኢሜይሎችና ስልኮች ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ መስጠት ነው።

ስዊድን ይህን ጣጣ ከሥሩ ነቅላዋለች። ከጥር 1 ቀን 2019 ጀምሮ የሚሠራው ስፔልፓውስ የተባለ ዝርዝሯ የሚመዘግበው ስምን ሳይሆን የግለሰብ መለያ ቁጥርን ነው። እያንዳንዱ የአገሪቱ ነዋሪ አንድ ቁጥር አለው፤ ፈቃድ ባለው ድርጅት ለመጫወትም በዚያ ቁጥር መታወቅ ግድ ነው። አጻጻፍ ማዛባት የሚባል ነገር የለም። ዝርዝሩን የሚያስተዳድረው የመንግሥቱ የቁማር ተቆጣጣሪ ሲሆን፣ እገዳው ኢንተርኔቱን ብቻ ሳይሆን ካርድ ወይም ምዝገባ የሚጠይቀውን በአካል የሚደረግ ጨዋታም ይሸፍናል። በብሪታንያ ግን ጋምስቶፕ ለኢንተርኔት ብቻ ነው። ለውርርድ ቤቶች ሌላ፣ ለካዚኖ ሌላ፣ ለቢንጎ ሌላ ዝርዝር አለ። ጋምስቶፕ ላይ የተመዘገበ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የመንገድ ጥግ ላይ ባለው የውርርድ ቤት ቢገባ፣ ለዚያም ለብቻው ካልተመዘገበ በቀር የሚከለክለው የለም።

ሲሸነፍ የማይታይ፣ ሲያሸንፍ የሚያዝ

ታዲያ በሩን አልፎ የገባ ሰው ምን ይገጥመዋል? ሦስት ዓይነት ሰዎችን በየተራ እንይ።

የመጀመሪያው በሌላ ሰው ስም የሚጫወት ነው። ብዙ ጊዜ ስሙ የባለቤቱ፣ የወንድሙ ወይም አብሮት የሚኖር ጓደኛው ነው። አካውንቱ ይከፈታል፤ ማንነቱ የተረጋገጠው የእውነተኛ ሰው ስለሆነ። ችግሩ የሚመጣው ገንዘብ ሲንቀሳቀስ ነው። የሚያስገባበት የባንክ ካርድ በራሱ ስም ከሆነ ከአካውንቱ ስም ጋር አይገጥምም። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ቀድሞ የታገደው አካውንት የተከፈተበት ከሆነ ያ ምልክት ይቀራል። የሚወራረድበት ሰዓትና የገንዘቡ መጠን የዚያ የታገደው ሰው ዓይነት ከሆነም እንዲሁ። ድርጅቱ እነዚህን ገጣጥሞ ከነቃ አካውንቱን ይዘጋል፣ ውርርዶቹን ይሰርዛል፣ ያሸነፈውንም አይከፍልም። ስሟን ያዋሰችው ሴት ደግሞ ሳትጫወት የተዘጋ አካውንትና መልስ የምትሰጥበት ጥያቄ ይተርፋታል።

ያስገባው ገንዘብ ይመለስለታል ወይ? እዚህ ላይ ክርክሩ የሚዞረው ድርጅቱ ሊያውቀው ይችል ነበር ወይ በሚለው ላይ ነው። ሰውየው በራሱ ስም፣ በራሱ የትውልድ ቀን፣ በታወቀ አድራሻው ገብቶ ሥርዓቱ ካሳለፈው ጥፋቱ የድርጅቱ ነው፤ ገንዘቡን የመጠየቅ አቅም ይኖረዋል። በ888 ጉዳይ 3.5 ሚሊዮን ፓውንዱ ለደንበኞቹ እንዲመለስ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰዎቹ አልተደበቁም፣ ያላያቸው ድርጅቱ ነው። የተሰረቀበት አሠሪም ካሳ አግኝቷል። ሆን ብሎ በሌላ ሰው ማንነት የገባ ሰው ግን ይህን ክርክር ራሱ በእጁ አፍርሶታል።

ሁለተኛው የተለየ ነው፤ እሱ የሚሄደው ዝርዝሩ ወደማይደርስበት ቦታ ነው። ከብሪታንያ ፈቃድ ውጪ፣ ብዙዎቹ እንደ ኩራሳዎ ባሉ ሩቅ ደሴቶች የተመዘገቡ የቁማር ገጾች አሉ። አንዳንዶቹ የሚተዋወቁት በይፋ «በጋምስቶፕ ውስጥ የለንም» በማለት ነው። ማስታወቂያው ለማን እንደተጻፈ ግልጽ ነው፤ ይህ ቃል ትርጉም የሚኖረው ራሱን ላሳገደ ሰው ብቻ ነው። እዚያ የገባን ሰው የሚከለክለው የለም፤ በደስታ ይቀበሉታል። ያሸነፈውን ሲጠይቅ ግን አዲስ ሰነድ፣ ከዚያ ሌላ ሰነድ፣ ከዚያ ዝምታ ሊከተል ይችላል። አቤት የሚልበት ኮሚሽን የለም፤ የብሪታንያ ደንብ ድርጅቱን አያስረውም። ከ2020 ጀምሮ በብሪታንያ የተከለከለውን በክሬዲት ካርድ መቆመር እንኳ እዚያ ሊያገኘው ይችላል።

ሦስተኛው በአካል ወደ ካዚኖ የሚገባው ነው፤ በተለይ በአሜሪካ። አሜሪካ አገር አቀፍ የሕግ ዝርዝር የላትም፤ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ አለው። ፈር ቀዳጇ ሚዙሪ ስትሆን በ1996 ስትጀምረው እገዳው የዕድሜ ልክ ነበር፤ በኋላ ከአምስት ዓመት በኋላ ለመውጣት ማመልከት ተፈቀደ። የሚዙሪ መንገድ ከብሪታንያው በመሠረቱ ይለያል። በብሪታንያ ራሱን አሳግዶ ተመልሶ የገባ ሰው ወንጀለኛ አይደለም፤ የሚጠየቀው ያስገባው ድርጅት ነው። በሚዙሪ ግን ራሱን ያሳገደ ሰው ካዚኖው ውስጥ ከተገኘ በሕገ ወጥ መግባት ተከሶ ሊቀጣ ይችላል። ሜሪላንድም እንዲሁ የመክሰስ መንገድ አላት፤ ያሸነፈውንም ይነጠቃል። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረው ብዙ ወገናችን ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ያሉ ሦስት የተለያዩ ሕጎች ናቸው። በሜሪላንድ መታገድ በቨርጂኒያ ታግዷል ማለት አይደለም።

በካዚኖ አዳራሽ የታገደው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዘው መቼ እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። በሺህ ሰው መሀል ማሽን ላይ ተቀምጦ ሲበላ ማንም መታወቂያ አይጠይቀውም። ማሽኑ ለግብር የሚመዘገብ ትልቅ ገንዘብ ሲያወጣለት ግን ጨዋታው ይቆማል፣ ሠራተኛ ይመጣል፣ ስሙ ይጻፋል፣ ስሙም ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከራል። በሌላ ሰው ስም ኢንተርኔት ላይ የሚጫወተውም የሚነቃበት ትልቅ ገንዘብ ሊያወጣ ሲል ነው። ስለዚህ እገዳን አልፎ የሚጫወት ሰው ከማንኛውም ቁማርተኛ የባሰ ውል ይዟል። መሸነፉ እውነተኛ ነው፤ ማሸነፉ ግን እንደ ማሸነፍ አይቆጠርለትም። የቁማርተኛው ስሌት ሁሉ «አንድ ቀን ይመለስልኛል» በሚል ተስፋ ላይ የቆመ ነው፤ እሱ ደግሞ ያ ቀን ቢመጣ እንኳ የማይከፈለው ሰው ነው።

ወደ እኛ ሲመጣ

በአዲስ አበባ «አንድ ቡድን በላኝ» የሚለው አነጋገር የእያንዳንዱ ሰፈር ቋንቋ ከሆነ ቆይቷል። ከብሪታንያና ከስዊድን ልምድ የሚወሰደው ዝርዝሩን ማቋቋም ብቻ አይደለም፤ ዝርዝሩ በምን ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ መወሰን ነው። የውርርድ አካውንት በስልክ ቁጥር ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ ሁለተኛ ሲም ካርድ ያለው ሰው ሁለተኛ ሰው ነው። በጥሬ ገንዘብ ቲኬት የሚቆረጥበት ቤት ደግሞ የግሪምስቢን ታሪክ በየመንገዱ ይደግማል፤ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ልጅ የማንንም ስም አይጠይቅምና። ፋይዳ መታወቂያ እየተስፋፋ ሲሄድ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር የሚለው የስዊድን መሠረት ለእኛም በእጅ ያለ ይሆናል። ቁጥሩ የሚጠቅመው ግን ፈቃድ ያለው ድርጅት ሁሉ፣ በስልክም በቤትም፣ ውርርድ ከመቀበሉ በፊት እንዲጠይቀው ከተገደደ ነው። ግማሹ ጠይቆ ግማሹ ከተወ ካልቨርት የተረታበት ምክንያት ተመልሶ ይመጣል።

ዝርዝሩ የማይደርስበት

ዝርዝሩን የሚያውቁ የብሪታንያ አማካሪዎች ለብቻው እንዲተማመኑበት አይመክሩም። ከጎኑ ሁለት ነገር ያስቀምጣሉ። አንዱ የባንክ እገዳ ነው። ከ2018 ጀምሮ ሞንዞና ስታርሊንግ፣ ከዚያም ትልልቆቹ ባንኮች፣ ደንበኛው በስልኩ መተግበሪያ ላይ አንድ ቁልፍ በመንካት ወደ ቁማር ድርጅቶች የሚሄድን ክፍያ ሁሉ እንዲያስቆም ፈቀዱ። በካርድ የሚከፈል ንግድ ሁሉ የሥራ ዘርፉን የሚያመለክት ቁጥር አለው፤ የቁማሩ 7995 ነው። ባንኩ ይህን ቁጥር ሲያይ ክፍያውን ይመልሳል። እገዳውን ለማንሳት ሲፈለግ ወዲያው አይነሳም፤ በሞንዞ 48 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ያ ሁለት ቀን የተቀመጠው የሚያጣድፈው ስሜት እንዲበርድ ነው። ሁለተኛው እንደ ጋምባን ያለ ሶፍትዌር ነው፤ ስልኩና ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ የቁማር ገጾችን ይዘጋል። ጥቅሙ የብሪታንያን ፈቃድ የሌላቸውን ገጾችም መዝጋቱ ነው፤ ጋምስቶፕ እጁ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል።

ሦስቱም ጉድለት አላቸው፤ ግን ጉድለታቸው አንድ ቦታ ላይ አይደለም። ዝርዝሩ ፈቃድ የሌለውን ገጽ አያውቀውም፤ ሶፍትዌሩ ያውቀዋል። ሶፍትዌሩ አዲስ ስልክ የገዛን ሰው አያስቆምም፤ የባንኩ እገዳ ያስቆመዋል። የባንኩ እገዳ ደግሞ የሥራ ዘርፉን ቁጥር ደብቆ በሌላ ንግድ ስም ክፍያ የሚቀበልን ድርጅት አያየውም፤ ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ግን ይህን አያደርጉም፣ ቢያደርጉም የሚጠይቃቸው አለ። ሦስቱን በአንድ ቀን ያደረገ ሰው ተመልሶ ለመጫወት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ማፍረስ አለበት፤ እያንዳንዱም ጊዜ ይወስድበታል። ሥርዓቱ ከፍላጎት ጋር የሚታገለው በዚህ ጊዜ ነው፤ ለመወራረድ የሚያጣድፈው ስሜት ብዙውን ጊዜ ያን ያህል አይቆይም።

እገዳው የሚያልቅበት ቀንም ታስቦበታል። በጋምስቶፕ የተመረጠው ስድስት ወር ወይም አምስት ዓመት ሲሞላ በሩ በራሱ አይከፈትም። ሰውየው ካልጠየቀ እገዳው ለተጨማሪ ሰባት ዓመት ባለበት ይቆያል። መውጣት ከፈለገ ራሱ ተቋሙን ማነጋገር አለበት፤ ከጠየቀም በኋላ 24 ሰዓት ይጠብቃል። ያ ቀን ካለፈ በኋላ አጫዋቾቹ የሚደርሳቸው ፊደል `N` አይሆንም፤ `P` ነው። ደንበኛው ቀድሞ ራሱን ያሳገደ ሰው መሆኑን እያወቁ ነው የሚቀበሉት፤ ከዚያ ወዲያ ለሚሆነው ነገር «አላወቅንም» ማለት አይችሉም።